ከየምሥራች ሰርግ የተመለሰች ባና ሻጭ

ውድ የትምወርቅ፣

ሌላ ሰው ቢሰማ የሞላሌ ከተማ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፤ ላንቺ ግን ልናዘዝ። ቅዳሜ በየምሥራች ሰርግ እንግዶችን እጅ ሳስታጥብ፣ አቶ አትናቴዎስ ጋ ስደርስ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ቢዝነስ ካርድ ሰጠኋቸው። እጃቸው ሳሙና እንደሆነ!

የሙሽራው አጎት ናቸው፤ ደብረ ብርሃን የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍቱ ነው፤ ብርድ ልብስ ይፈልጋሉ ተብሏል። የእኛ ባና ደግሞ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ገዢ አጥቶ ተቆልሏል። እስከ ፋሲካ ትእዛዝ ካልመጣ ጠጉር ፈታዮቻችን ይበተናሉ። ለዚህ ነው የቸኮልኩት።

የሙሽሪት አክስት እትዬ አስካለ ማርያም ጎትተው ጓዳ አስገቡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን እህል ሳይቀምስ ገበያ አወጣሽው?»

«እትዬ፣ ሌላ ጊዜ የት አገኛቸዋለሁ?»

«የሰርግ እንግዳ እኮ ነው! ሚስቱ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሂጂ አጫውቻት። የማስተዋውቅሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ ራስሽን አትሽጪ።»

ሴትየዋ የራቤል አገር ልጅ ናቸው። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ መንገዱ አወጋን። ስለ ባና ትንፍሽ አላልኩም፤ ምላሴን እንዴት እንደበላኝ! እትዬም ቃላቸውን ጠብቀው ባልየውን ይዘው መጡና፣ «ሲና የአስፋው ልጅ ናት፤ የጠጉር ፈታዮቹን የምታሠራ» ብለው ዘወር አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ ስጦታ ማቅረብ ሆነ። ለሙሽሪት ምርጡን ባናችንን ነበር ያመጣሁላት። አቶ አትናቴዎስ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዘርግቼ ወደ እሳቸው ባዞረውስ? ማሰሪያውን መፍታት ጀምሬ ነበር። የምሥራች ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ሲናዬ፣ ለእኔ ነው?» ስትለኝ አፈርኩ። እንደታጠፈ ጉልበቷ ላይ አኑሬ፣ ስሜያት ተመለስኩ።

ስንወጣ አቶ አትናቴዎስ ራሳቸው ጠሩኝ።

«ባናችሁ ሲታጠብ ይኮማተራል?»

«በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም፤ በሙቅ ግን አዎ» አልኩ። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ነገ ማጠቢያው ይመሰክርብኛል። «ዛሬ ደስታ ነው፤ ዝርዝሩን ሰኞ ልደውልልዎ?»

ስልካቸውን ነገሩኝ። ሰኞ ስደውል አስቀድሜ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ባለቤታቸው ደኅንነት ጠየቅሁ፤ ከዚያ ናሙና ይዤ ልምጣ አልኩ። «አየዋለሁ» አሉኝና ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ ዝም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነብራለሁ። የሙቅ ውሃው ነገር ይሆን? ደግሜ ልደውል ወይስ ነዝናዛ እባላለሁ? ነገ ቅልቅሉ ነው፤ ባልና ሚስቱም ይመጣሉ። «ወጥ አውጪ እንጂ ሥራ አታንሺ» ብለውኛል እትዬ። እሺ ብያለሁ። ካነሱ እመልሳለሁ፤ ካላነሱ ከባለቤታቸው ጋር እበላለሁ፤ ሴትየዋን እንደሆነ ወድጃቸዋለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሆነውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ፤ ቢከፋም አልደብቅሽም። ፈታዮቹ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ሲሉኝ «ጠግቤ ብቻ መጣሁ» ብዬ እንዳልመልስላቸው ጸልዪልኝ።

የምትናፍቅሽ፣
ሲና