ለትራስ ሰፊዋ የላክሁት መልእክት

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ለሆቴሉ ሠላሳ ወንበር። ርክክብ አርብ። እንጨቱ የኔ፣ የመቀመጫው ትራስ የሽርካዬ። ቫርኒሹ አሁንም እጅ ላይ ይለጠፋል... አሥራ ሁለቱማ ጭራሽ እግር የላቸውም። ለእሷ ግን «እኔ ጋ ሰላም ነው» ብያታለሁ። ምን ልበል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
የሽርካዬ አባት አረፉ። ወንድሟ ደውሎ ነገረኝ። ክው አልኩ። ወዲያው ደግሞ... ይቅር ይበለኝ፣ ሆዴ ውስጥ ደስታ ቢጤ ሽው አለ። ቀኑ ሊራዘም ነው!
መልእክት ጻፍኩ። ባለቤቴን አስነበብኳት።
«‹ወንበር› አራት ቦታ ጽፈሃል» አለች። «አባትየውስ ስንት ቦታ አሉ?»
«አንድ።»
«እሱንም ‹ሟች› ብለህ! ‹ሥራው እንዳይጎዳ› የምትለዋን አውጣ። ‹የምትፈልጊው ካለ ንገሪኝ› የምትለዋንም። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ምን ብላ ታዝዝሃለች? አንተ የምታደርገውን ጻፍ።»
አራተኛው ረቂቅ ላይ እሺ አለች፦
«እህቴ፣ በአባትሽ በጣም አዘንኩ። ሱቅሽ በመጣሁ ቁጥር ተነሥተው ያስቀምጡኝ ነበር። ስለ አርብ አታስቢ፤ ርክክቡን ወደ ወሩ መጨረሻ አዛውረዋለሁ፣ ለሆቴሉም እኔ እነግራለሁ። መልስ አያስፈልግም። መጽናናቱን ይስጥሽ።»
ላክሁ። ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅም ደወልኩ። «ሽርካዬ ሐዘን ላይ ናት፣ በእሷ ምክንያት...» ሳልጨርስ እሺ አለ። ስለ ወንበሮቹ እግር አልጠየቀም። እኔም አላነሣሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
መልስ አያስፈልግም ብያት መለሰች!
«ወንድሜ፣ የአባቴን ነገር ስታነሣው አለቀስኩ። ትራሶቹ ግን እሑድ ነው ያለቁት። ዛሬ ይመጣሉ። ቀኑን አታዛውር።»
በዘጠኝ ሰዓት ሠላሳ ትራስ ደጄ ላይ ተራገፈ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ጉድ ፈላ። ሥራ አስኪያጁ ሊያጽናናት ደውሎላት... «ላንቺ ሲባል ቀኑን አራዝመናል፣ አይክበድሽ» ብሏታል።
ደወለችልኝ። «ለኔ ሲባል ነው እንዴ?»
ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩት።
«ወንበሮቹ አልቀዋል?»
«አሥራ ሁለቱ እግር የላቸውም።»
ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «አባቴን ሰበብ አደረግኸው» ብላ ዘጋችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምናለበት?
ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። «መዘግየቱ የኔ ነው። እሷ ቀድማ ጨርሳለች።» ጮኸብኝ። እስከ ሰኞ ብቻ ሰጠኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
አስረከብኩ። ሥራ አስኪያጁ በሠላሳውም ላይ ተራ በተራ ተቀመጠ። ሆን ብሎ ነው። አንዱም ሲጥ አላለም።
ከዚያ እሷ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። «ተቀመጥ» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25
አዲሱ ሥራችን ለጥርስ ሐኪም የሚሆኑ አግዳሚ ወንበሮች ናቸው፤ ርክክቡ ሰኞ ነው። የኔ አልቆ ደርቋል። ሽርካዬ ጠዋት ደወለች።
«እጄ እምቢ አለኝ። መርፌ ስይዝ አባቴ ድቅን ይልብኛል። ትንሽ ቀን...»
«ስንት ይበቃሻል?»
«እንጃ።»
እንዲቀላት «የኔም ገና ነው» ልላት ነበር... ተውኩት።
«የኔ አልቋል። ቢሆንም ይቆያል። ለሐኪሙ ምን ልበለው?»
«አባቷ ሞቶባት ነው በለው። አሁን እውነት ነው።»