ምናልባት ጣሪያውን ብታየው

ጳጉሜን 2፣ ጠዋት

የውኃ መሳቢያው ፊልትሮ ተጠርጓል። የትራክተሩ ዘይት ተቀይሯል። ችንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ገና ነው። ቁርስ ላይ ጋሼ ደምለው ብቅ ብለው፣ ጊዜ ካገኘሁ ምናልባት ችንጋውን ባየው ምን እንደሚመስለኝ ጠየቁኝ። ጠየቁና አልሄዱም፣ ቆሙ። ቁርሴን ትቼ ተነሣሁ።

ደብተሬ፣ ይህን ለመማር ሙሉ ክረምት ፈጅቶብኛል። ሽንፋ ቆላ መጥቼ የእርሻቸው መካኒክ የሆንኩ ሰሞን፣ ጋሼ «ምናልባት» ሲሉ የእውነት ምናልባት ይመስለኝ ነበር። ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ እላለሁ። ጊዜ አላገኝም። ትራክተሩ ማሳ መሐል ይቆማል። እሳቸው ግን አይቆጡም፤ ሰው ሥራ ይበዛበታል ብለው ዝም ነው። ያቺ ቁጣቸው መሆኗን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ናቸው። አሁን ነቅቻለሁ። ተናግረው ከቆሙ አሁኑኑ ነው። እየሄዱ ከተናገሩ እስከ ነገ። አንዱን ነገር ደግመው ካነሡት እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ስለ ሌላ ሰው ካወሩ ደግሞ ነገሩ ወደ እኔ ነው።

ችንጋው ሊበጠስ ክር ቀርቶት ነበር።

ጳጉሜን 4፣ ከሰዓት

ከግቢው ጀርባ ያለው ባዶ ቤት። ጋሼ ምናልባት ጣሪያውን ባየው አሉ። እየሄዱ ነበር፣ ስለዚህ እስከ ነገ። ሦስት ቆርቆሮ ተነቃቅሏል። እኔ የማድረው መጋዘኑ ጥግ ነው፣ ይህ ቤት ለማን ይሆን? አልጠየቅሁም።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከቡሬ ደወለች። እዚያ ብርድ ነው አለች። ሙቀቱ እንዴት ነው አለችኝ። ሰው ይጠብሳል አልኳት። ወፍጮ ቅርብ አላችሁ? ኧረ ሩቅ ነው። ሴቶቹስ ምን ይሠራሉ? እኔ ምን ዐውቄ፣ ከማሽን ጋር ነው የምውል። ቶሎ ዘጋችው። ካርድ አልቆባት ይሆናል።

መስከረም 2

ጣሪያው አለቀ። ጋሼ ዞረው አዩት፣ መረቁኝ። ጥቂት ራመድ ብለው ተመለሱ። ሥራው አሁን ቀዝቀዝ ብሏል፣ ለመስቀል ምናልባት አገርህ ወጥተህ ሰዎችህን ብታያቸው?

አሉና ቆሙ። ቆሙ፣ ደብተሬ!

በእኛ አገር ቅጥር ሠራተኛን ሂድ የሚል የለም። ነውር ነው። ዘመድ ጠይቀህ ና ነው የሚባለው። አጎቴ እንዲህ ብሎ የሸኘው ሰውዬ እስከ ዛሬ ዘመድ እየጠየቀ ነው። ጣሪያ ተጠገነ፣ መካኒኩ ተሸኘ። አዲስ መካኒክ ሊመጣ ነው። ቤቱንም በገዛ እጄ አሰናዳሁለት።

መስከረም 3

ካቻቢቴ፣ ብሎን መፍቻዬን፣ ወርውሬ የራሴን የእግር ጣት መታሁ። ይበለኝ።

ምን አጠፋሁ? ሐምሌ ላይ ትራክተሩ ማሳ መሐል የቆመበትን ነገር? እሱን አልፈውልኛል ብዬ ነበር። ደግሞ ምሳ ላይ ስለ አምናው መካኒክ አነሡ። ጎበዝ ነበር፣ ለመስቀል ሄደና ቀረ፣ ሚስቱ አልለቀቀችውም ሲሉ ዋሉ። ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ ወደ እኔ ነው። እሱን አታክልም ማለታቸው ነው።

ቡሬ ተመልሼ መናኸሪያ ጆንያ ልሸከም? ትራክተር አምኖ የሰጠኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ፈርቻለሁ። ሌላ ስም የለውም።

መስከረም 5፣ እኩለ ቀን

ጋሼ ለባዶው ቤት ማድቤት ቢጠጋለት፣ እስቲ ቦታውን ምናልባት ባየው። አንድ አጎበርም ሰጡኝ፣ ለአልጋው ይበቃ እንደሆነ ልሞክር። ይበቃል ብቻ? ለሁለት ሰው ተርፎ መሬት ይጠርጋል።

ተቀምጬ አሰብኩ። መካኒክ የሚበላው ከእትዬ ዘውዴ ቤት ነው፣ ማድቤት ምን ያደርግለታል? አዲሱ ሰውዬ ባለትዳር ነው ማለት ነው። የባሰ ከፋኝ።

ፊት ለፊት ልጠይቃቸው? አይሆንም። ቢያሰናብቱኝም ባያሰናብቱኝም መልሳቸው አንድ ነው፦ ኧረ ልጄ ምን ነካህ። ከጨዋ ሰው በግድ እውነት አይወጣም። የሚሻለው ቀለል ያለ የሥራ ጥያቄ ነው። እሳቸውን ሳያሳፍር፣ እኔን ሳያዋርድ፣ የኅዳርን የማሽላ ውቂያ የሚነካ። ኅዳር ላይ ካለሁ አፋቸው ሳያስበው ያወጣዋል።

መስከረም 6፣ ጠ. 4 ሰዓት

ጠየቅሁ። ለማሽላ መውቂያው መለዋወጫ ችንጋ ያስፈልጋል፤ ስመለስ ከጎንደር ልያዝ ወይስ እዚህ ይፈለግ? «ስመለስ»ን መሐል ላይ ጣል አደረግኋት። እጄ ግሪስ ውስጥ ነበር፣ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ጋሼ አላመነቱም። ከጎንደር ያዝ፣ ሁለት አድርገው፣ እዚህ ያለው አይረባም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕቃ ከበዛብህ ጭነት መኪና ተነጋግረን እንልካለን አሉ። ይህን ሲሉ እኔን አላዩም፣ ባዶውን ቤት ነበር የሚያዩት።

ለሁለት ችንጋ ጭነት መኪና!

እዚያው ግሪስ ላይ ተቀመጥኩ። ማድቤት። ሰፊ አጎበር። ሚስቱ ያስቀረችው መካኒክ። ሰውዬው እያባረሩኝ አይደለም፣ እንዳልቀርባቸው እየለመኑኝ ነው። አምስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲሉኝ ነበር። እኔ እያንዳንዷን ቃል በፍርሃቴ ተረጎምኳት።

ለማረጋገጥ እትዬ ዘውዴ ጋ ሄድኩ። ቤቱ ሊያምር ነው አልኳቸው፣ ሌላ ምንም አላልኩም። ሳቁብኝ። «አሁን ገባህ? ሰው ሚስትህን አምጣ ይላል እንዴ? ቆላ ነው፣ ወባ አለ። እሷ እምቢ ብትል አንተም ታፍራለህ፣ እርሳቸውም ያፍራሉ። ባልና ሚስቱ ቤቱን ካዩ በራሳቸው ያስቡታል አሉ እንጂ።»

እፎይ። እንደ ዛሬ እፎይ ብዬ አላውቅም። ትራክተሩን ሳያስፈልገው አጠብኩት።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ደስታዬን ቀማኝ። ሙቀቱ እንዴት ነው። ወፍጮ ቅርብ ነው። ሴቶቹ ምን ይሠራሉ። ሦስት ጊዜ! ጥሩወርቅ ስለ አየር ልትጠይቀኝ ኖሯል? ልምጣ ወይ ስትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይጠብሳል፣ ሩቅ ነው፣ አላውቅም። አትምጪ አልኳት። ካርዷ አላለቀም።

የጋሼን ምናልባት ስፈታ የሚስቴን ዘነጋሁ። አፈርኩ።

መስከረም 7፣ ጠዋት

ደወልኩ። ትመጫለሽ ወይ አላልኳትም። ብላት እንደወደድክ ትለኛለች፣ ያን ከሰማሁ በኋላ የልቧን አላውቅም። ይልቅ ጣሪያ መጠገኔን ነገርኳት። ሙቀቱ እስከ ዐሥር ሰዓት ነው፣ ከዚያ ይበርዳል። ወፍጮውም በእግር ሩብ ሰዓት ነው፣ ያን ዕለት አጋንኜ ነበር። ከዚያ፣ ማድቤት ልሠራ ነው፣ በሩን ወዴት ላድርገው?

የዘጋችው መሰለኝ።

ከዚያ፣ ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው አለች።

ከሱዳን በኩል አልኳት።

እንግዲያው ጀርባውን ለቤቱ ሰጥተህ ነፋሱ ወደሚሄድበት አዙረው፣ ጭሱ እንዳይገባብን አለች።

እንዳይገባብን። «ብን» ነው ያለችው። ስልኩን ዘግቼ ችንጋ ታቅፌ አለቀስኩ፣ ማንም አላየኝም።

ቁርጥ ነው። መስከረም 12 ከሸሕዲ ከተማ በሚነሣው አውቶቡስ እወጣለሁ፣ ከመስቀል ማግስት ይዣት እመለሳለሁ። ጋሼን ስለ ጭነት መኪናው ዛሬ ማታ አነጋግራቸዋለሁ። የማድቤቱን በር አሁን መቁረጥ

ጋሼ መጡ። ምናልባት መጋዙን ባየው አሉ። ቆመዋል።