ሁለት ገጽ ንግግር፣ አንድ መስመር ትርጉም፦ የመምህርት «ማን ተናገረ» የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው «ማን ተናገረ» እያሉ የሚጠሯቸው፣ እኛ በቤት ውስጥ «እታለም» የምንላቸው ውድ እኅታችን፣ ከአባታቸው ከፍርድ ቤቱ አስተርጓሚና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በ1935 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር ብቻ የተለየ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። በአንደኛው ክፍል የእናታቸው የስፌት መኪና ሲያንኳኳ ይውላል። በሌላኛው አባታቸው ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ቦርሸው፣ ከመውጣታቸው በፊት ከባድ ከባዱን የባዕድ ቃል መስታወት ፊት ይለማመዳሉ። በዚያ ዘመን አገሩን የሚገዙት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዳኛውም የእነሱ ወገን ስለነበሩ ከሳሽም ተከሳሽም የሚሰማው በአባታችን አንደበት ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1942 ዓ.ም. ባዕዳኑ የከፈቱት ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ግቢ ውስጥ የቤቱን ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ልጅ እስከ መውጫ ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። እታለም አፋቸው አያርፍም ነበርና ያንን ግድግዳ ከማንም በላይ ያውቁታል። ቢሆንም በክፍሉ አንደኛ ከመውጣት ያገዳቸው አልነበረም። ባዕዳኑ አገሩን ለቀው ሲሄዱ እሳቸው የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበሩ። ዳኛው ሄዱ፤ ከፍ ያለው ወንበር፣ የግድግዳው ሰዓትና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ግን ባሉበት ቀሩ፤ አዲሶቹ ዳኞች የራሳችን ሰዎች ቢሆኑም ችሎቱ በዚያው ቋንቋ ቀጠለ። አባታችንም ሥራ አልፈቱም።

በ1956 ዓ.ም. ተመርቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሆኑ። በ1959 ዓ.ም. ከፖስታ ቤቱ ሹም ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በዚያ ቤት ልጅ መሆን ቀላል አልነበረም። «ሳህኑ ተሰበረ» ብሎ መገላገል የለም፤ «ራሱን ነው የሰበረው?» ይላሉ። ባለቤታቸውም አንድ ቀን «ደመወዝ ዘገየ» ብለው ጀምረው፣ ያዘገየውን ሰው ከነማዕረጉ እስኪናገሩ ድረስ እራት አልቀረበላቸውም ይባላል፤ ትንሽ ተጋኖ ይሆናል።

ይህ ጠባይ ከአንድ መጽሐፍ የመጣ ነው። በ1964 ዓ.ም. ከአገሩ ልጆች አንዱ በባዕዱ ቋንቋ የጻፈው ልቦለድ በትምህርቱ መርሐ ግብር ገባ፤ እታለምም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አስተማሩት። ታሪኩ ስለ አንድ የምንጭ ውኃ ነው። ከጥንት ጀምሮ የውኃውን ተራ የሚደለድሉት ምንጩ ዳር ባሉት ድንጋዮች ላይ የሚሰበሰቡ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዲት ባል የሞተባት ሴት፣ የሚናገርላት ወንድ ስለሌላት ተራዋን ትነጠቃለች። እሷም አዲስ ወደተከፈተው የባዕዳን ፍርድ ቤት ሄዳ ትከሳለች። ፍርድ ቤቱ ይፈርድላታል፤ ወረቀት ይሰጣታል፤ በማግሥቱ ግን ምንጩ «የመንግሥት ንብረት» ተብሎ በቁልፍ ይዘጋል።

ሌሎች መምህራን ይህንን መጽሐፍ «ባህል ከሥልጣኔ ጋር ሲጋጭ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት ነበር። እታለም በዚህ አይስማሙም። ተማሪውን በገጾቹ ላይ አስጎንብሰው ያሠሩታል። ማን በራሱ አፍ ተናገረ? የማን ንግግር በሌላ ሰው አፍ ደረሰን? ሽማግሌዎቹ ሲወስኑ ደራሲው እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ያናግራቸዋል፤ ፍርድ ቤቱ ሲወስን ግን «ታዟል»፣ «ተወስኗል» ብቻ ነው፤ ያዘዘው ሰው የለም። ደራሲው የሽማግሌውን ንግግር በባዕዱ ቋንቋ ቢጽፈውም አካሄዱን የአገሩ አድርጎታል፤ የውኃውን ተራ ስምም ሳይተረጉም ትቶታል፤ እንግዳው አንባቢ ለአንድ ጊዜ እንኳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ብሎ ነው ይላሉ። ተማሪው ሽማግሌዎቹን ማወደስ ሲጀምር ደግሞ ሴቲቱን ያመጡበታል። ጉባኤው እንዳትናገር ከለከላት፤ ፍርድ ቤቱ «አዎ ወይም አይደለም ብቻ በይ» አላት። የፈለገችው ምን እንደሆነ በሁለቱም ቦታ የጠየቃት የለም።

ከዚህ የተነሣ ባህል ናቂ ያሏቸው ወላጆች ነበሩ፤ ሥልጣኔ ጠል ያሏቸው ተቆጣጣሪዎችም ነበሩ። እታለም ለሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የጎዳቸው ሌላ ነው።

በመጽሐፉ መካከል ዋናው ሽማግሌ ፍርድ ቤት ቀርበው ሁለት ገጽ ሙሉ ይናገራሉ። አስተርጓሚው ለዳኛው የሚያቀርበው ግን አንድ መስመር ነው፤ «አይሆንም ይላሉ»። እታለም ይህንን ቦታ ሲያስተምሩ እሳት ይተፉ ነበር። በ1972 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ አንዲት ተማሪያቸው «አስተርጓሚው ሕዝቡን የሸጠ ነው» የሚል ድርሰት በአዳራሹ አነበበች። አዳራሹ አጨበጨበ። አባታችን ከፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታችን የገዛ ልጃቸውን «እርስዎ» ማለት ጀመሩ። «እንደምን ዋሉ፣ መምህርት? ይቀመጡ።» ስድብ የለም፣ ቁጣ የለም። አባት ልጁን እንደ እንግዳ ሲያከብር መስማት አንጀት ይቆርጣል። እታለም በየሳምንቱ እየመጡ፣ አንቱታውን ጠጥተው ይመለሱ ነበር። ይቅርታ እንዳይጠይቁ ያመኑበት ነገር ነው፤ እንዳይቀሩ አባታቸውን ይወዳሉ። ለዓመታት እንዲህ ኖሩ።

በ1979 ዓ.ም. እናታችን አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እታለም ሊጠይቋቸው ሲመጡ እናታችን አንድ ነገር አዘዟቸው።

«እስቲ ያንን መጽሐፍ አንብቢልኝ። ምን ቢል ነው ቤቴን ለሁለት የከፈለው?»

እናታችን ባዕዱን ቋንቋ አያውቁም። ስለዚህ እታለም እያነበቡ ወደ ቤቱ ቋንቋ ይመልሱላቸው ጀመር። አባታችን ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ መስኮቱ አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ሬዲዮ የሚያዳምጡ ይመስላሉ፤ ሬዲዮው ግን ዝግ ነበር። ይህንን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው የበሩን ማጠፊያ ሲያጠብቅ እዚያው ስለነበር ያየውን ነው የሚናገረው።

ንባቡ የሽማግሌው ንግግር ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌው መጀመሪያ ዳኛውን «ውኃ ሳይጠማው የውኃ ዳኛ የሆነ» ብለው ይሰድባሉ። ከዚያ ወደ አስተርጓሚው ዞረው ይራገማሉ፦ «በእናትህ ቤት የተማርከውን አንደበት ያከራየህ፣ የወለድከው ይፍረድብህ፤ በሰው ፊት ያቅልልህ።» ይህን እታለም ወደ ቤቱ ቋንቋ አልመለሱትም። ዓይናቸው በመጽሐፉ ላይ ወረደ፤ ገጽ ገለጡ፤ ሌላ ገለጡ። ቀና ብለውም፦

«ሽማግሌው ተቆጥተው አይሆንም አሉ» አሉ።

«ይህን ሁሉ ገልጠሽ ይህችን ብቻ?» አሉ እናታችን።

መስኮቱ ዘንድ አባታችን ወንበራቸውን አዞሩ።

«አየሽ?» አሉ። «አሳጠርሽው።»

«እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እኔስ ያን ሁሉ ዘመን ለማን ብዬ ይመስልሻል?»

ለብዙ ጊዜ «አንቺ» ተብለው ስላልተጠሩ እታለም አለቀሱ። እናታችን «መጽሐፉ ምን አለ? ለእኔም ንገሩኝ እንጂ!» እያሉ ከአልጋቸው ይቆጣሉ፤ ሁለት አስተርጓሚ ባለበት ቤት የሚነግራቸው ጠፋ።

ሲረጋጉ እታለም መጽሐፉን እንደገና ገለጡት። ከአስተርጓሚው መልስ በፊት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ዘበኛው የእጅ ብረቱን ከወገቡ ፈታ።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ግድግዳው ሰዓት፣ የችሎቱ ጌጥ ናት ብለው ሲያልፏት ኖረዋል። አሁን ግን ገባቸው። ዳኛን መስደብ እስር ነው። አስተርጓሚው ንግግሩን እንዳለ ቢያቀርበው ሽማግሌው ወደ ወህኒ ይወርዳሉ፤ ስላሳጠረው አልታሰሩም፤ ነገር ግን ዳኛው «ተጠሪው ምክንያት አላቀረበም» ብሎ ጻፈ፤ ምንጩም ሄደ። አዳነም፣ አጠፋም፤ በአንድ መስመር።

እታለም ይህን ነግረው አመሰገኗቸው፤ አባታችን ግን ምስጋናውን እንዳለ አልተቀበሉም። «ሁልጊዜ ለሰው ብዬ አይደለም» አሉ። «የደከመኝ ቀን አለ። ከዳኛው አጠገብ መቀመጡ ደስ ያለኝም ቀን አለ። ይህንንም ለልጆቹ ንገሪያቸው።»

ነገሯቸው። ከዚያ ወዲያ እታለም ያንን ምዕራፍ ሲያስተምሩ አንዱን ተማሪ ሽማግሌ፣ አንዱን አስተርጓሚ፣ አንዱን ዳኛ ያደርጋሉ። ዳኛ የሆነው ከአስተርጓሚው ሌላ እንዳይሰማ ሽማግሌው ሲናገር ጆሮውን ይደፍናል። ክፍሉ እንደ ልማዱ አስተርጓሚውን መውቀስ ሲጀምር እሳቸው ወደ ዳኛው ወንበር ያመለክታሉ። በዚህ ችሎት ውስጥ ካሉት የሌላውን ቋንቋ ሳይማር እንዲኖር የተፈቀደለት ማን ነው? ሥልጣን ማለት ይህ ነው ይላሉ፤ አለመስማት የማያስከፍልህ ሲሆን። አባታችንም ዱላቸውን ተደግፈው በየዓመቱ በዚያ ክፍል ይገኙ ነበር፤ «ዳኛውን እኔ ልሁን» ብለው ከተማሪ ጋር እንደ ተሻሙም እናስታውሳለን። በ1983 ዓ.ም. ሲያርፉ የእታለም እጅ በእጃቸው ውስጥ ነበር።

እኅታችን በ1990 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ከወጡም በኋላ የሰፈሩን ልጆች በረንዳቸው ላይ ማስነበብ አልተዉም። ከተማሪዎቻቸው ዳኞች፣ ጋዜጠኞች፣ መምህራን ወጥተዋል። ባለቤታቸው በ2008 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል። ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አንድ ወንድ ልጃቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ቀርተናል። አጥንታችን ድረስ አዝነናል።

እታለም ከማረፋቸው በፊት ይህ ታሪክ በቤቱ ቋንቋ ብቻ እንዲነበብ አዝዘዋል። እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም የሚችል የልጅ ልጅ ሞልቶ ሳለ ስለምን ብንላቸው፣ «አንድ ቀን እነሱ ይጠይቁ» አሉ። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣችሁ፣ ይህን ቋንቋ የማትሰሙ ወዳጆቻቸው ካላችሁ፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። አንተም የተጠየቅከው፣ እባክህ እኅታችንን አታሳጥርብን። ማሳጠር ግድ ከሆነብህ ግን፣ ለማን ብለህ እንዳሳጠርክ እወቅ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን አስተርጓሚ በማያስፈልግበት ቤት ተቀብሎ፣ የተናገሩትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይስማቸው።