ቀን ቀን የት ትውላለች?

ሰኞ፣ ጥር 6
«እማማ ሩቅ አገር ሄዳለች።» ልጄ ናት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለልጇ። የልጅ ልጄን ድንቢጥ እንላታለን፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የሰማችውን እንዳለ ትወስዳለች። ቀጥ ብላ እኔ ክፍል መጣች። ራስጌው ላይ የባለቤቴን መነጽር አየች።
«አባባ፣ መነጽሯን ረስታ ነው የሄደችው?»
«አዎ» አልኩ። ፈሪ!

ረቡዕ፣ ጥር 8
ድንቢጥ መነጽሩን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ። ፖስታ ቤት እንሂድ ነው። ልጄ ፊቷን አዞረች።
«አባዬ፣ አንተ ጸሐፊ አይደለህ? ተረት ነገር ጻፍላት።»
ጸሐፊ አልነበርኩም። አራሚ ነበርኩ፤ የሰው ስሕተት ስለቅም ጡረታ ወጣሁ። ልዩነቱን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች።

አርብ፣ ጥር 10
የመጀመሪያው ረቂቅ። አያት ኮከብ ሆነች። እንዴት ያምራል... ራሴን አስለቀስኩ። አነበብኩላት።
«ቀን ቀንስ የት ትውላለች?»
ቀደድኩት።

እሑድ፣ ጥር 12
«አያት ሞተች። ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል። ልቧ አይመታም፤ አትተነፍስም። አይርባትም፣ አይበርዳትም፣ አያማትም። የሞተ ሰው አይመለስም።»
«አንቀላፋች» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሰረዝኩት፤ ልጅቷ አልጋዋን ብትፈራስ?
«አባዬ፣ ይከብዳታል» አለች ልጄ።
«ፖስታ ቤቱ ይቀላል?»
ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14
አነበብኩላት። የእጅጌዬን ቁልፍ እያሽከረከረች ሰማች።
«አልወድሽም ብያት ነበር።»
ምን?
«ፀጉሬን ስትሠራኝ አመመኛ። ከዚያ ሆስፒታል ገባች። ተናዳብኝ የሄደች መስሎኝ... ይቅርታ ልጽፍላት ነበር። ያለ መነጽር እንዴት ታነበዋለች?»
ይህን ሁሉ ቀን ብቻዋን ተሸክማው ከረመች። እኛ ደግሞ እናጽናናት ብለን ሸክሙ ላይ ጨመርንባት።
«ልቧ የታመመው አንቺ ሳትወለጂ ነው። ክፉ ቃል ያስከፋል እንጂ ሰው አይገድልም። ቢገድል ኖሮ እኔና እማማ ከሠርጋችን ሳምንት አናልፍም ነበር።»
ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። እኔም።
«አንተም ትሞታለህ?»
«አንድ ቀን። ገና ብዙ ጊዜ እኖራለሁ ብዬ አስባለሁ። እናትሽም እኔም አለንልሽ።»
ያንኑ ደጋግማ ጠየቀች። ያንኑ ደጋግሜ መለስኩ። መነጽሩን ከጋዜጣው ፈታ ቦታው መለሰችው።

ቅዳሜ፣ ጥር 25
ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አያትሽ ከላይ ሆና ታይሻለች» አላት።
«ሞታለች እኮ» አለችው። «ልቧ ቆመ። አትመለስም። እኔ አይደለሁም ያደረግኩት።»
ሰውየው ቀና ብሎ ደረጃውን ወረደ። እንዲህ ያለ አራሚ በሥራ ዘመኔ አላየሁም።
ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጄና ድንቢጥ ወጥተዋል።
ጠዋት እንደ ሁልጊዜው መነጽሩን ወልውዬ፣ ስትነቃ እንዲቀርባት፣ ራስጌው ላይ በእሷ በኩል አስቀመጥኩት።