የገፈርሳ ወተት

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሚልኬሳ ወተቱን ይዞ መጣ። ሰላምታ የለም። አርባ ዓመት ሙሉ እኔና እሱ ሰላም ተባብለን አናውቅም። ስድብ ነው የምንለዋወጠው። ሰላምታውን ለማናውቀው ሰው እናስቀምጠዋለን።

ጀሪካኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ "አንተ መጤ፣ ሚዛን አንጠልጥለህ ቡራዩ ገባህ። የምትወጣበትን ቀን ንገረኝና በሬ አርጄ ልሸኝህ" አለኝ።

"የት እሄዳለሁ? እናንተ መሬቱን ሸጣችሁ ጨረሳችሁ። የቀረው የገፈርሳ ውሃ ነው። እሱንም በየጠዋቱ ወተት ነው እያላችሁ በሊትር ትሸጡልኛላችሁ።"

ሳቀ። ሲስቅ እንባው ይወርዳል፣ ባንኮኒውን ይደበድባል። አንድ ቀን ይሰብረዋል…

የልጅ ልጄ ሲድራ ከጆንያው ጀርባ ሆና በስልኳ ስትቀርጸን ነበር ለካ። "አባባ፣ ቲክቶክ ላይ ልልቀቃችሁ?"

"ሚልኬሳ አምሮበት ከሆነ አትልቀቂው።"

ለቀቀችው። ለእሱም በቴሌግራም ላከችለት። ሽማግሌው ቴሌግራም አለው፣ አያሳፍርም?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ታዋቂ ሆኛለሁ። የታክሲ ረዳት ከመንገድ ማዶ "አባባ፣ ወተት አለ ወይስ ገፈርሳ ነው?" አለኝ። ሱሉልታ ያለችው እህቴ ደውላ "ቆብዎ ዘሞ ነበር፣ ማን ያስተካክልልዎታል?" አለችኝ። በሰባ አምስት ዓመቴ ቆቤ መነጋገሪያ ሆነ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

መኪያ፣ ምራቴ፣ ስልኳን ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። ቪዲዮ አሳየችኝ።

እኔው ነኝ። ግን የሚልኬሳ ስድብ የለም። በሬውም የለም። "እናንተ መሬቱን ሸጣችሁ ጨረሳችሁ። የቀረው የገፈርሳ ውሃ ነው" ይላል፣ እዚያው ይቆረጣል። ወተቱ ጋ አይደርስም። ከዚያ ጥርሴ ብቻ… ቆሞ የሚስቅ ፊት። የኔ ፊት እንዲህ ክፉ ነው እንዴ?

ከላዩ በኦሮምኛ ተጽፏል፦ እንግዳ ሆነው ገብተው መሬት በማጣታችን ይስቁብናል። ሱቁን ታውቁታላችሁ።

ሱቁን ታውቁታላችሁ… ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከታች ሰው ይሳደባል። ስለ እኔ ብቻ ቢሆን ምን ቸገረኝ፣ ስለ ዘሬ ነው። አንዱ "ክብሪት የለም ወይ?" ብሏል።

ወደ ታች ልገፋ ስል ጣቴ ልቡን ነካው፣ ቀላ። "አባባ፣ ላይክ አደረጉት እኮ" አለችኝ መኪያ። ራሴን የሚያሰድበውን ወደድኩት ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ሲድራን "የለቀቅሽውን አጥፊው" አልኳት።

"አባባ፣ ሙሉው እውነቱን ያሳያል። ይኼኛው ነው የተቆረጠው።"

"አጥፊው አልኩሽ። ከስልክሽም።"

አጠፋችው። ትንሽ ቀለል አለኝ። ምን ዓይነት ቅለት ነው?

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ድንጋይ። የለስላሳው ፍሪጅ መስታወት ረገፈ። ማን እንደወረወረ አላየሁም። ባጃጅ ሲሄድ ብቻ ሰማሁ። መኪያ በሩን ዘጋች። ልጄ የህያ ከሚሠራበት የዱከም ፋብሪካ ደውሎ "እመጣለሁ" ሲል እዚያው ቆይ አልኩት። አንዳችን እንኳን ከዚህ ይራቅ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

የድንጋዩን ነገር ለማመልከት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። እኔ ወረፋ ስጠብቅ ፖሊሶቹ ቤቴ ሄደው ሲድራን ይዘዋታል። የተቆረጠው ቪዲዮ ጥግ ላይ የእሷ የቲክቶክ ስም አለ። የጥላቻ ንግግር ማሰራጨት፣ አሉ።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። "የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እኔን እሰሩ" አልኩት።

"አባባ፣ ይቀመጡ።"

"ተቀምጬስ ልታሰር አልችልም?"

አልሳቀም። "ሙሉው ቪዲዮ አለ ካሉ የት ነው?" አለኝ።

"አጠፋችው።"

"ለምን?"

"እኔ ነኝ ያዘዝኳት።"

ጻፈው። እስክሪብቶው ሲሄድ አየሁት። ማስረጃ አጥፍታለች ብሎ ነው የሚጽፈው… የኔ ትእዛዝ በእሷ አንገት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ምግብ አደረስኩላት። በሩ ላይ ሁለት ደቂቃ አየኋት። "አባባ፣ ቆብዎ ዘሟል" አለችኝ። ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ፍርድ ቤት። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፣ ሕገ መንግሥቱ ነው አለችኝ ጠበቃዋ። ላሊሴ ትባላለች፣ የቡራዩ ልጅ። ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። እሰማለሁ፣ ሚልኬሳ በስድብ አስተምሮኛል።

ከመግባታችን በፊት የከነከነኝን ጠየቅኳት። "አፉ የኔ፣ እስሩ የሷ? ይህ ምን ዓይነት ሕግ ነው?"

"የጥላቻ ንግግር አዋጁ የሚከለክለው በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨትን ነው። እርስዎ ሱቅዎ ውስጥ ለጓደኛዎ ነው የተናገሩት። የለቀቀችው እሷ ናት።"

"እኔም ልብ ተጭኛለሁ።"

"ላይክ ማድረግ ማሰራጨት አይደለም። ሕጉ ራሱ ለይቶታል። ማጋራት ግን ሌላ ነው።"

ቀለል ብሎኝ አፈርኩ። ልጅቷ ውስጥ ናት፣ እኔ ለጣቴ እፈራለሁ።

ፖሊስ አሥራ አራት ቀን ጠየቀ፦ ስልኩን ለማስመርመር፣ ግብረ አበር ለመያዝ። "ንግግሩ የአንድን ሕዝብ ሰብዓዊ ክብር የሚነካ የአደባባይ መግለጫ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያነሳዋል" አለ። እውነቱን ልጻፍ? የተቆረጠውን ብቻ ላየ ሰው… እውነት አለው። መሬት እዚህ ቀልድ አይደለም። ይህን አውቃለሁ። ከሚልኬሳ ጋር ብቻ ነበር ቀልድ የነበረው።

ላሊሴ ተነሳች። ሐሳብ በይዘቱ ወይም ያመጣል በተባለው አስተሳሰባዊ ውጤት አይገደብም ይላል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29። ገደብ አለ፣ ግን በጠባቡ። አዋጁም "ሆን ብሎ" ይላል። ሰው በማንነቱ እንዲጠላ፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ ሆን ብሎ መቀስቀስ። የሁለት ሽማግሌዎች ጨዋታ ይህ ነው? ስልኩ ደግሞ ፖሊስ እጅ ነው፣ እሷ ታስራ ምን ይጨመራል?

ዳኛው፣ "ሙሉው የት አለ?" አሉ።

ላሊሴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ወለሉ።

እስከ ሰኞ ጊዜ ተሰጠ። ጥፋተኛ ከተባለች እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ መቶ ሺህ ብር ቅጣት አለ። ሁለት ዓመት… ሃያ ዓመቷ ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት ስመለስ ሚልኬሳ ከመስጊዱ ማዶ ቆሟል። ከቅዳሜ ወዲህ ወተት አላመጣም። "ና እንሂድ" አለኝ። ስድብ የለም። ደነገጥኩ።

ገፈርሳ ግድብ ዳር ደረስን። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ስልኩን አወጣ።

"ሙሉው እዚህ አለ። ሲድራ የላከችልኝ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ውሃውን ያያል። "የቆረጠው ወንዲ ነው።"

ወንዲ የልጅ ልጁ ነው፣ ባጃጅ የሚነዳው። ከሲድራ ገጽ ላይ አውርዶ ነው። ጽሑፉም የእሱ ነው። በሌላ ስም የከፈተው ገጽ ነው፣ ሚልኬሳ ግን ያውቀዋል።

"ለምን አለ?"

"ሰው እንዲያይልኝ ነው አለ። ድንጋዩን አልወረወርኩም ይላል።" ስልኩን አገላበጠና፣ "ያቺ ጠበቃ ስለ ድንጋዩ ምን ትላለች?"

ያወቅኩትን መደበቅ አልቻልኩም። "ጥቃቱ በንግግሩ ምክንያት የደረሰ ነው ከተባለ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት።"

አምስት፣ አለ።

ቪዲዮውን ለዳኛው ስጠው ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። ያንተ ወንዲ ባይኖር የኔዋ አትታሰርም ልለው። "ሱቁን ታውቁታላችሁ" ቀልድ አይደለም፣ ክብሪቱን የጠራው እሱ ነው… ግን ፊቱን አየሁት። የሲድራን ፊት በሩ ላይ ያየሁበት ቀን የኔም ፊት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

አልለመንኩትም። ሳልሰድበውም ተለየሁት። በመንገድ ላይ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እቆማለሁ።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ሱቁ ዝግ ነው። መኪያ "ቢያጠፋውስ?" አለችኝ። ስለ ሚልኬሳ ስልክ ነው። እኔ ፈርቼ አጥፍቼ የለ? እሱስ ለምን አይፈራም?

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ዳኛው ሲገቡ ሚልኬሳ የለም። የፖሊሱ ቃል ተጀመረ፣ የለም። ላሊሴ ዋስትና ስትጠይቅ በሩ ተከፈተ። ነጭ ጋቢውን ለብሷል፣ የሠርግ ጋቢውን።

ላሊሴ አስፈቀደች። ስልኩ ዳኛው ፊት ተከፈተ። የሚልኬሳ ድምፅ ችሎቱን ሞላው፦ አንተ መጤ… በሬ አርጄ ልሸኝህ። ከዚያ የኔ። ከዚያ ወተቱ። ከዚያ የእሱ ሳቅ፣ ባንኮኒው ሲደበደብ። ጸሐፊዋ ከንፈሯን ነከሰች። ሚልኬሳ ግን ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቧል።

ዳኛው፣ "ይህን የቆረጠውን ያውቁታል?" አሉት።

"አውቀዋለሁ። የኔው ነው።"

ሲድራ በዋስ ወጣች። ወንዲን ከሰዓት ያዙት።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ዓቃቤ ሕጉ በሲድራ ላይ ክስ አይመሠረትም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። አልሐምዱሊላህ።

ወንዲ ተከሷል። በዋስ ነው የሚከራከረው። ድንጋዩ ከእሱ ጽሑፍ የመጣ መሆን አለመሆኑ ገና ነው። ዓቃቤ ሕጉ ጠርቶኝ ነበር። "ወርዋሪውን አላየሁም። ጽሑፉን ግን አንብቤዋለሁ፣ ፈርቻለሁም" አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው። ከመካከላቸው አንዱን መቁረጥ አልፈለግኩም።

ለሲድራ ስልኳን መልሰውላታል። መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። "እኔ ስናገር ቅረጪኝ" አልኳት ለቀልድ። መሳቢያውን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሚልኬሳ ወተቱን ይዞ መጣ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ገዢዎች ነበሩ። አንደኛው ስልኩን ይነካካል።

ጀሪካኑን አስቀመጠ። "እንደምን አደሩ፣ ሐጂ?"

አደሩ አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ አንተ ያለኝ ሰው። ወላሂ ድንጋዩ የተሻለ ነበር።

"ደኅና ነኝ፣ ኦቦ ሚልኬሳ። እርስዎስ?"

"ደኅና።" ወደ ሰውዬው ስልክ አየ። እኔም አየሁ። ሄደ።

መኪያ ወተቱን አፈላችው። ቀመስኩት። ደግሜ ቀመስኩት። አርባ ዓመት በሐሰት ስከሰው ኖሬ፣ ዛሬ እውነትም ውሃ አለበት። ቀጥኗል፣ ብርጭቆው ላይ ይታያል። ሚልኬሳ በዕድሜው ወተት ላይ ውሃ ጨምሮ አያውቅም።

ሆን ብሎ ይሆን? እንደ ድሮው እንድሰድበው ብሎ?

ነገ ሱቁ ውስጥ ሰው ከሌለ እጠይቀዋለሁ።