ቁልፉን የሚይዘው

ሰኞ
ላክሁት! ሳልጨርሰው ሄደ! ምሳ እየበላሁ በስልኬ ለዋናው መሥሪያ ቤት እየጻፍኩ ነበር። ፎቶ ላያይዝ ስል ጣቴ አጠገቡ ያለውን የመላኪያ ቀስት ነካ። ከታች መላኩን የሚሰርዝ «ቀልብስ» የሚል ብቅ አለ፤ እጄ ወጥ ስለነበረበት ስልኩ አልታዘዘኝም። ወዲያው ጠፋ።

የሄደው ይኸው ነው፦ «የስፌት ክፍሉ የኋላ በር ሴቶቹ ሥራ ላይ እያሉ ከውጭ ይቆለፋል። እሳት ቢነሳ መውጫ የለም። ቁልፉን የሚይዘው»

በቃ። እዚያ ላይ ቀረ።

ልቀጥል ብል ፈራሁ። ቁልፉን የሚይዙት ሥራ አስኪያጁ አቶ ስዩም ናቸው። እኔን ጸሐፊ አድርገው ያስገቡኝም እሳቸው፣ የአባቴ የዕድር ጓደኛም እሳቸው። እዚያው ኢሜይል ላይ መልስ ብዬ፣ «ቀደም ሲል የደረሳችሁ ሳያልቅ በስህተት የተላከ ነው። ሙሉውን ከፎቶው ጋር እልካለሁ» አልኩ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከጣት የወጣስ?

ማክሰኞ
መልስ መጣ። «ቀሪውን እንጠብቃለን።» ከሥሩ ግልባጭ፦ ለአቶ ስዩም! ይቺ አገር ያለ ግልባጭ አትንቀሳቀስም። መልሱ የእኔን ሁለቱንም ጽሑፍ አዝሎ ነው የሄደላቸው። ቀኑን ሙሉ ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚህ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ
ቤት ስገባ ሦስት ሽማግሌዎች ከአባቴ ጋር ተቀምጠዋል። አቶ ስዩም የላኳቸው ናቸው። ለኢሜይል ሽማግሌ ሲላክ አይቼ አላውቅም።

አንደኛው፣ «ልጄ ከድጃ፣ ያላለቀ ነው ብለሽ የለ? እንግዲያ በደህና ጨርሺው። ቁልፉን የሚይዘው ዘበኛው ነው በይ፤ ነገሩም ይበርዳል» አሉ። ዘበኛው ጋሽ ቶላ፣ ከእንጦጦ ጥግ በእግራቸው የሚመጡት ሰውዬ!

አባቴ ሽማግሌዎቹ ሲወጡ «ሰው አታስቀይሚኝ» ብቻ አለኝ። የትኛውን ሰው ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ምሽቱን አልቅሻለሁ።

ሐሙስ
ዛሬ በሩ ተቆልፎ ጨርቅ ሲተኮስ ጭስ ጭስ ሸተተኝ። ምንም አልነበረም። ሴቶቹ ግን ሁሉም በአንዴ ወደ በሩ ዞር አሉ፤ ከዚያ መልሰው ወደ መርፌያቸው።

ማታ ጻፍኩት። ተቀባዩን ባዶ ትቼ፣ ፎቶውን ቀድሜ አያይዤ። አቶ ስዩም ጎንበስ ብለው ሲቆልፉ ያነሳሁትን። አንብቤ አንብቤ፣ አድራሻውን መጨረሻ ላይ አስገባሁ።

«ቁልፉን የሚይዙት ሥራ አስኪያጁ አቶ ስዩም ናቸው።» ቀስቱን ሆን ብዬ ነካሁ። «ቀልብስ» ብቅ አለ። እስኪጠፋ ዝም ብዬ አየሁት።

ዓርብ
ጋሽ ቶላ ዋናው በር ላይ ጠብቀውኝ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት አቶ ስዩም የኋላውን ቁልፍ አስፈርመው ሰጡኝ። ምነው በደህና ነው?» አሉኝ።

አንድ ቀን ባዘገየው ኖሮ ውሸቱ እውነት ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። ኢሜይሉ ግን የትናንት ነው፤ ቀኑ ላዩ ላይ አለ።

«በደህና ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እስቲ የኋላውን በር ይክፈቱት።»

ከፈቱት። አቶ ስዩም ቢሮ እንድመጣ አስጠርተውኛል። እየሄድኩ ነው።