ዘሃራ ያልገቡበት ስንኝ

ሰኞ፣ ወልድያ

«ድንጋዩን ሰበርን፤ ጌታችን ውሃውን አወጣ። ወንዶቹ ቆፈሩ፤ ዘሃራ አፈሩን በጀርባዋ ተሸከመች።»

ሸህ ሰዒድ በዓረብኛ የጻፏቸው የመጀመሪያ ሁለት ስንኞች፣ ቃል በቃል ሲተረጎሙ ይህን ይላሉ። ቀሪዎቹ ሁለቱ ለቆፈሩት ዱዓ ናቸው፤ አላስቸገሩኝም። ሸሁ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። ሐሙስ ግራና፣ እሳቸው ባስቆፈሩት ጉድጓድ አጠገብ፣ ግጥሙ በመንዙማ ዜማ በአማርኛ ይባላል፤ ተርጓሚው እኔ ነኝ። ዘሃራ ባለቤታቸው ናቸው። ዓረብኛ አያውቁም። ባላቸው ስማቸውን በግጥም እንዳነሱ እስከ ዛሬ አልሰሙም።

ማክሰኞ፣ መርሳ

ዜማውን የሚያወጣው ኑሩ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ትርጉሜን ሞከረው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠረው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ዜና ነው! ተቀባዩ የት ላይ ይግባ?»

ልክ ነው። ዜማው ስንኙን መሐል ላይ ቆርጦ ስድስት ስድስት ቀለም ይፈልጋል። መጨረሻውም ቤት መምታት አለበት።

ረቡዕ፣ ወልድያ

ከስንት ስርዝ ድልዝ በኋላ፦

ድንጋዩን ሰበርን፣ ውሃ ሰጠን ጌታ፤
ወንዶቹ ቆፈሩ ከጧት እስከ ማታ።

ይፈስሳል። ግን «ከጧት እስከ ማታ» ሸሁ አላሉም፤ ቤት ለመምታት እኔ ያመጣሁት ነው። ዘሃራ ደግሞ ከስንኙ ወጡ። «ወንዶች ቆፈሩና ዘሃራ ተሸክማ» ብዬ ነበር፤ ልኩ መጣ፣ ከ«ጌታ» ጋር ግን አልገጥም አለ። የመጀመሪያውን ስንኝ ስቀይር ውሃው ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ በጋዜጣ የሰው ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌ፣ አሁን ይኼ!

ቅርጹን መረጥኩ። ከሥሩ ማስታወሻ ጨመርኩ፦

«የተርጓሚው ማስታወሻ። ለዜማው ሲባል ሁለተኛው ስንኝ ተቀይሯል። ‹ከጧት እስከ ማታ› በዓረብኛው የለም። ዓረብኛው ‹ዘሃራ አፈሩን በጀርባዋ ተሸከመች› ይላል።»

መንዙማ በሚባልበት ሐድራ ላይ ማስታወሻ ማን ያነባል? ወረቀቱን በሚኒባስ ለኑሩ ላክሁ። ልቤ አልረጋም።

ሐሙስ፣ ግራና

ኑሩ አነበበው። አነበበው ሳይሆን አዜመው! ግጥሙን ጨርሶ፣ ሳያቆም ወደ ማስታወሻው ገባ። «ለዜማው ሲባል ተቀይሯል» ሲል ተቀባዮቹ «አላህ! አላህ!» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘሃራ ጋ ሲደርስ ከሴቶቹ መሐል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እኔን ነው?»

የድቤው ምት ቆመ። ኑሩ ደገመው። ተቀባዮቹም ስድስት ስድስቱን ሳይቆጥሩ ተቀበሉት።

በኋላ ዘሃራ አስጠሩኝ። «አንተ ጋዜጠኛ፣ እኔን ከታች የጣልከኝ ለምንድን ነው?»

«ዜማው እምቢ ብሎኝ ነው፣ እናቴ።»

«ያን አፈር በዜማ የተሸከምኩት መሰለህ?» ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸውንም ጠረጉ።

ኑሩ «ከእንግዲህ እንደዚሁ እስከ ታች ድረስ ነው የምለው» ብሏል። እንግዲህ ትርጉሙ የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው? አልለየልኝም። ላርመው ወረቀቱን ብጠይቅ፣ ሐጅያ ዘሃራ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረውታል። አይሰጡኝም።